ሽታ የሌለው ሸሚዝ

መተማ ተመድቤ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ሳሙና ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው የቀበሌው ኅብረት ሱቅ በካርድ የሚያድለው ቡኒ ደረቅ ሳሙና ነው፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ከሞራ በቀር ምንም የማይሸት። ሁለተኛው ከድንበሩ ማዶ የሚሻገረው ሰማያዊ ፍንጣቂ ያለበት የዱቄት ሳሙና ነበር። በዱቄቱ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሲሰጣ ሽታው ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሄዳል። በቀበሌው ሳሙና የሚያጥብ ሰው የቸገረው ነው ይባል ነበር። በዱቄቱ የሚያጥበው ደግሞ ኮንትሮባንድ መግዛቱ ቢታወቅም የሚጠይቀው የለም፤ የጠያቂው ሸሚዝም ያንኑ ይሸታልና።

እኔ ከጎንደር የወረድኩ መምህርት ነበርኩ። ደገኛ ቆላ ሲመደብ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ቀጥሎ ይለምዳል፤ በመጨረሻ ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውሩት እንደገና ያለቅሳል። ዱቄቱን መጠቀም የጀመርኩት በልቅሶና በመልመድ መካከል ነው። ማንም አላዘዘኝም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው ነው። ባሌ በኮኪት በኩል ባለ ትልቅ እርሻ የትራክተር መካኒክ ስለነበር ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ በማለዳ ይመለሳል። ናፍጣ የጠጣ ቱታውን እዚያው እርሻው ላይ ያጥቡለታል፤ ከእኔ ቤት ገመድ ላይ የሚውለው የእኔ ቀሚስና ነጠላ ብቻ ነበር።

ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤቴ የባለሱቅ ሚስት ነበረች። ባሏ ጨርቅና ሰሊጥ የሚነግድ፣ ድንበሩን ወዲያና ወዲህ እንደ ጓሮው የሚያውቅ፣ ረጋ ያለ ሙስሊም ነው። የእሷ እናት ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ናት። ጎረቤቴ ሽቶዋን የምትቀምመው ራሷ ናት፤ ሰንደሉን፣ ቅርንፉዱን፣ ቅባቱን ደባልቃ በጠርሙስ ትደፍነዋለች። ሽቶ የሚባለውን ሁሉ በአንድ ቃል “ሪሃ” ትለዋለች። ቤቴ ከመግባቷ በፊት ሪሃዋ ይገባል፤ ከወጣች በኋላም ሻይ ሊጠጣ የቀረ እንግዳ ይመስል ይቆያል። ካገባች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ልጅ አልወለደችም። ስለዚህ ነገር አታወራም፤ እኛም አናነሳባትም።

ልጄ የተወለደው በታኅሣሥ ነው። ለክርስትናው ዕለት ጎረቤቴ አንድ ሙሉ ሳጥን የሕፃን ልብስ ይዛ መጣች። ሁሉም ለስላሳ ጥጥ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ቤቱ በሽታ ተሞላ፤ ልብሱን በሰንደል ጭስ ላይ አንጠልጥላ አጥና ኖሯል። የተሰበሰቡት ሴቶች አንድ አንድ ሸሚዝ እያነሱ አሸተቱና “ታድሎ!” አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ልጄ ከመተማ ሕፃናት ሁሉ ጥሩ የሚሸት ልጅ ሆነ። ይህን እንደ ሙያ ቆጥሬው ነበር።

የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጅ የሚይዝልኝ ሰው ፍለጋ አልወጣሁም። ጎረቤቴ ራሷ መጥታ፣ “ሌላ ሰው ብትፈልጊ ወላሂ እቀየምሻለሁ” አለችኝ። ጠዋት ሰጥቻት እሄዳለሁ፤ በዕረፍት ሰዓት ሮጬ መጥቼ አጠባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እወስደዋለሁ። የቆሸሸ ልብሱን እንኳ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ነው የምትሰጠኝ። ከባለሙያ እናት አንድም ነገር አላጎደለችም።

በመጋቢት፣ ሙቀቱ ሰውን ከጥላ ወደ ጥላ በሚያባርርበት ወር፣ የልጁ ቆዳ ተበላሸ። መጀመሪያ አንገቱ ዙሪያ ቀላ። ቀጥሎ አንጓው፣ ወገቡና ጀርባው ሻክሮ እንደ ደረቀ ዋልካ መሬት ተሰነጣጠቀ። ሌሊት ያለቅሳል፤ ቀን ያሳክከዋል። ማከክ የማያውቅ ልጅ በጡጫው ራሱን ሲፈትግ ማየት እንዴት እንደሚያናድድ ያየ ያውቀዋል። በማን እንደምናደድ ግን አላወቅሁም ነበር።

ክሊኒክ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ጸጉሩ የሸበተ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ልጁን አራቁቶ ጠረጴዛው ላይ አስተኛና ዙሪያውን አየው።

“ይኸ የሙቀት አይደለም፤” አለኝ። “የሙቀቱ እጥፋት ነው የሚወድ፤ ብብት፣ የአንገት ስር፣ ደቃቅ ሆኖ ነው የሚወጣ። ይኸ ግን ልብሱን እየተከተለ ነው። ክሳዱ በሚያርፍበት፣ እጅጌው በሚያልቅበት፣ መቀነቱ በሚታሰርበት። ፊቱና እግሩ ባዶ ስለሆነ ደህና ነው። በምንድን ነው የምታጥቢው?”

ነገርኩት። ሽንት ጨርቁ እንዲነጣ በረኪና እንደምጨምርም ጨመርኩለት፤ ሙያዬን እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው።

“ዱቄቱን ተዪ። በረኪናውንም ተዪ። ሽቶ የሚባል ነገር ልጁ አጠገብ አይድረስ። ቆዳው ገና ስስ ነው፤ አንዳንዱ ልጅ ይችለዋል፣ አንዳንዱ አይችለውም። በቀበሌው ሳሙና እጠቢ፤ እሱንም በትንሹ። ሽንት ጨርቁን ቀቅይው። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አለቅልቂ፤ ሳሙና ጨርቅ ውስጥ ከቀረ ያው ነው። ቅባትም፣ ዱቄትም፣ ሌላ መድኃኒትም አትጨምሪ። አምስት ነገር ባንድ ጊዜ ከለወጥሽ የጎዳውንም የረዳውንም አናውቅም።” ልጁን ሲያሳቅፈኝ ደግሞ፣ “የደረቀውን ልብስ አፍንጫሽ ላይ አድርጊው፤ ምንም ካልነገረሽ ደህና ታጥቧል፤” አለ።

የቀበሌ ሳሙና! ለሁለት ወር ያጠራቀምኩት ከአልጋ ስር ተደርድሮ ነበር፤ ወለል ለማጠቢያ ነበር ያሰብኩት። በዚያው ዕለት የልጁን ልብስ በሙሉ አወጣሁ። ሳሙናውን በቢላ ፈቅፍቄ በፍል ውሃ አሟሟሁት፤ ልብሱን አጠብኩ፤ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁ። የጉድጓዳችን ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ሳሙናው አረፋ አይሰጥም፤ አረፋ ካልሰጠ ሰው ይጨምራል፤ ከጨመረ አይለቅም። ስለዚህ ለማለቅለቂያው ከወንዝ በአህያ የሚመጣውን አስመጣሁ። በመጀመሪያው ማለቅለቂያ ሳሙና ሳልጨምር ውሃው አረፋ ሰጠ። ከስንት ወር ጀምሮ ጨርቁ ውስጥ የከረመው ዱቄት ነው። 

በማግሥቱ ለጎረቤቴ ግማሽ ሳሙና ሰጠኋት። “ከዛሬ ጀምሮ የልጁን ልብስ በዚህ እጠቢልኝ። ዱቄቱና በረኪናው ይቅር።”

ሳሙናውን ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ አሸተተችው፤ ፊቷ ተጨማደደ። ግን “ሃዲር” አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ እኔም ሌላ አልነገርኳትም። ስምንት ዓመት አስተምሬ “ለምን” የሚለውን ሳላስረዳ ትእዛዝ ብቻ ሰጥቼ ሄድኩ። ተማሪዎቼ ላይ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ተቆጣጣሪው ይወቅሰኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ልጁ ትንሽ ይሻለዋል፤ መልሶ ይብስበታል። እሑድ ማታ ቆዳው ለስለስ ብሎልኝ እተኛለሁ፤ ሐሙስ ላይ እንደገና ደም እስኪመስል ይቀላል። የሠላሳ ስምንት ተማሪ ስም በየጠዋቱ የምመዘግብ ሰው የገዛ ልጄን እሑድና ሐሙስ አላስተዋልኩም። የደረቀውን ልብስ ሁሉ አፍንጫዬ ላይ አደርገዋለሁ፤ ምንም አይነግረኝም። ነገር ግን ነጠላዬ፣ ትራሴ፣ ፀጉሬ፣ ቤቴ ሁሉ ሪሃ ነበር። ዓሣ ውሃ ይሸተኛል ሲል ማን ሰምቶ ያውቃል?

አማቴ የመጣችው በግንቦት ነው። “የመጣችው” ማለቴ በጽሑፍ ነው፤ በአፌ አንድም ቀን አንቱታዬን አጉድዬባቸው አላውቅም፤ እዚህም ባላጎድል ይሻላል። አማቴ የመጡት በግንቦት ነው። ለአረም ከሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ጋር በጭነት መኪና፣ ጋቢና ውስጥ፣ አንድ ቅል ቅቤ ታቅፈው። ከጎንደር በላይ ባለ የደጋ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ቅሉ ሳይከፈት አሽትተው የላሟን መኖ ይናገራሉ ይባልላቸዋል። እኔ ይህን የሰፈር ወሬ አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ልጁን ገልጠው ከአንገቱ እስከ ወገቡ አዩት። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለልጃቸው ለባሌ ተናገሩ።

“ቆላው ፈጀው። የደጋ ዘር ነው፤ ይኸን እሳት አይችልም። ይዤው እወጣለሁ።”

“ይጠባል እኮ፣ እናቴ” አልኳቸው።

“አውቃለሁ፣ ልጄ። ሴቷ ልጄ ወልዳለች፤ ጡቷ ለሁለት ይበቃል። ቆዳው ሲድን፣ ጥርስ ሲያወጣ፣ ትወስጅዋለሽ።”

በክፋት አልተናገሩትም፤ ያ ነው የከፋው። ባሌ እጁን እያየ ተቀመጠ። የመካኒክ እጅ ነው፤ ጥፍሩ ስር ያለውን ግራሶ ይፈልግ ጀመር። በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ፦ መንገዱ በዝናብ ሳይዘጋ አውቶቡስ አለ፤ እስከዚያ ልጁ ካልተሻለው ከአያቱ ጋር ይሄዳል። የዚያ አገር መንገድ ዋልካ ነው፤ ክረምቱ ከገባ እስከ መስከረም መኪና አይወጣም አይገባም። ልጄ ሄደ ማለት ከመስከረም በፊት አላየውም ማለት ነው። አሥራ ሁለት ቀን ተሰጠኝ።

በእነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት ያላጠብኩት ነገር የለም። አንሶላውን፣ ማዘያውን፣ የሚተኛበትን ሰሌን ሳይቀር በቀበሌ ሳሙና ፈተግሁ። እጄ ተላጠ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ ልጁን ለጎረቤቴ እሰጣለሁ፤ አማቴ አላፊ አግዳሚውን እየጠየቁ ገበያ ይዞራሉ፤ የቆላ ቅቤ ዋጋ ያስገርማቸዋል። ልጁ አልዳነም። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ፤ ቆርቆሮው ጮኸ፤ ሹፌሮቹም ነገ ካልወጣን መቼም አንወጣም አሉ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት አማቴ የልጁን ልብስ ሊያስሩ አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ልጁ ጡቴ ላይ ነው። ዕቃ ሲታሰር ላለማየት ብፈልግም ዓይኔ አልታዘዝ አለኝ። አንዱን ሸሚዝ አነሱ፤ አጣጠፉ። ሁለተኛውን አነሱና እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

“ይኸ ምንድን ነው የሚሸት?”

“ሳሙና ነው፣ እናቴ። የቀበሌው።”

“ልጄ፣ የቀበሌው ሞራ ነው የሚሸት። ሞራ አላውቅም?” ሸሚዙን እንደገና አሸተቱት። “ይኸ ሌላ ነው። ከሞራው ላይ የተደረበ ነው።”

ሁሉንም ልብስ አልጋው ላይ ዘረገፉት። አንድ በአንድ እያነሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እያሸተቱ፣ ለሁለት ከፈሉት። ቅቤ ሲለዩ እንዲህ መሆን አለባቸው። በግራ በኩል የከመሩት እኔ ቅዳሜና እሑድ ያጠብኩት ነበር። በቀኝ በኩል ያለው ሁሉ ከጎረቤቴ ቤት ታጥቦ የመጣ ነው። አንዱንም አልሳቱም።

ያኔ እሑድና ሐሙስ ገባኝ። እሑድ የሚሻለው እኔ ያጠብኩትን፣ ሐሙስ የሚብስበት ጎረቤቴ ያጠበችውን ለብሶ ነበር።

ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። አማቴ ያንን ሸሚዝ አጣጥፈው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ልጁ በእጃቸው ነበር፤ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀ ነበር። ደጋ ላይ፣ ሪሃ በሌለበት ቤት፣ ልጁ በሁለት ሳምንት ይድን ነበር፤ አገሩ ሁሉ “ቆላው ነው ብለው አልነበር?” ይላቸው ነበር፤ እኔም አምናቸው ነበር። እሳቸው ግን የተበላሸ ቅቤ እያወቁ አይሸጡም። ማሰሩን ተዉት።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤” አሉኝ። “ሂጂ፤ ያችን ሴት አነጋግሪ። ደግሞ እንዳታስቀይሚያት፤ ወዳ ነው ያደረገችው።”

አውቶቡሱ ያለ እሳቸው ሄደ። የቅቤ ደንበኞቻቸውን፣ ክረምታቸውን ሁሉ ትተው ከእኛ ጋር መስከረም ድረስ ሊቀሩ ነው። 

ጎረቤቴ ቤት ስገባ የልጁን ሽንት ጨርቅ ታጣጥፍ ነበር። በምን እንደምታጥብ ጠየቅኋት። ግማሹን ሳሙና አመጣችና አሳየችኝ፤ አልቆ ቁራጭ ሆኗል።

“በዚህ ነው። ዱቄት አልነካሁም፣ ወላሂ።”

“ከዚያ በኋላስ?”

“ከዚያማ በመጨረሻው ውሃ ትንሽ ሪሃ ጠብ አደርጋለሁ። የሚጠቀለልበትን ቶብም ሸሚዙንም አጥነዋለሁ።” ፊቴን አይታ ድምፅዋ ዝቅ አለ። “ሳሙና ቀይሪ ነው ያልሽኝ እህቴ፤ ቀየርኩ። ግን ሞራ ሞራ ይሸታል። ሰው አቅፎት ‘ይህ ልጅ እናት የለውም?’ ይላል። እንዴት እንዲህ ይባላል ብዬ ነው።”

ቀስ ብዬ አስረዳኋት፤ ስንት ሳምንት ዘግይቼ። ድሬሰሩ ያለኝን፣ ልብሱን ተከትሎ መውጣቱን፣ እሑድና ሐሙሱን። ስታዳምጥ እጆቿን ከሽንት ጨርቁ ላይ አነሳች፤ እንደሚያቃጥል ነገር። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። እኔ ግን መፍትሔውን እስከ ጥግ ልወስደው ፈለግሁና፣ “አንቺም ልጁን ስትይዢ ሪሃ ባትቀቢ፤ ጉንጩ ደረትሽ ላይ ነው የሚውለው” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። “ሪሃ የምትተው ሴት ባሏ የሞተባት ናት፤” አለች። “አራት ወር ከዐሥር ቀን። ባሌ ገበያ ሄዷል፤ ማታ ይመጣል። እኔ ምን ሆኜ ነው ሪሃ የምተወው?”

ይህን አላውቅም ነበር። ግድግዳ ተዋስነን፣ ወራት ሙሉ ልጄን አቅፋ፣ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ “ማሌሽ” አለች፤ ግድ የለም ማለቷ ነው፤ ግን ግድ እንዳላት ታየኝ። ሦስት ቀን አልመጣችም። ልጁን አማቴ ያዙት። 

በአራተኛው ቀን ጠዋት በሩን አንኳኳች። አንኳኩታ አታውቅም፤ ዝም ብላ ነበር የምትገባው። በእጇ የተጣጠፈ ነጭ ሰፊ የጥጥ ቀሚስ ይዛለች።

“በቀበሌው ነው ያጠብኩት። አራት ጊዜ ነው ያለቀለቅሁት፤ በዝናብ ውሃ” አለችና ለእኔ ሳይሆን ለአማቴ ዘረጋችላቸው። “እመይቴ፣ ያሽትቱልኝ።”

አማቴ ተቀብለው አሸተቱ። ክሳዱን፣ ብብቱን፣ ጠርዙን። ጊዜ ወሰዱ። እሷ ፈተና የሚታረምባት ተማሪ መስላ ቆማ ነበር።

“ምንም የለውም” አሉ አማቴ።

በራችን ጀርባ ቀሚሱን የምትሰቅልበት ምስማር መታች። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከነሪሃዋ ትመጣለች፤ እጇንና አንገቷን በቀበሌ ሳሙና ትታጠባለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ልብሷን አውልቃ ነጩን ትለብሳለች፤ ከዚያ ልጁን ትወስዳለች። ከሰዓት በኋላ መልሳ ቀይራ፣ ባሏ ሳይመጣ፣ ሪሃዋን ተቀብታ ትጠብቀዋለች። ባሏ ነገሩን ሰምቶ፣ “የድንበር ጠባቂም እንዲህ አይፈትሽ” ብሎ ሳቀ አሉ። እኔም ዱቄቱን ለራሴም ተውኩት። መምህራኑ ቸግሯት ነው አሉ፤ ይበሉ።

ክረምቱ ለእኛ ጥሩ ነበር። የቆርቆሮው ውሃ ለስላሳ ነው፤ በትንሽ ሳሙና አረፋ ይሰጣል፤ ቶሎ ይለቃል። አማቴ በየቀኑ የደረቀውን ልብስ አሽትተው ካላሳለፉ ልጁ አይለብስም። በመጀመሪያው ሳምንት ቅላቱ ደበዘዘ፤ በሦስተኛው ሻካራው ረገፈ። አንድ ሐሙስ ማታ ጀርባውን ዳሰስኩትና እጄ ምንም ሳያገኝ እስከ ወገቡ ወረደ። ጮክ ብዬ አለቀስኩ። አማቴ ሰምተው ከጓዳ፣ “አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?” አሉኝ።

በመስከረም መንገዱ ሲከፈት ብቻቸውን ወጡ። ባዶ እጃቸውን አይደለም፤ ከልጁ ሸሚዞች አንዱን ጠየቁኝ። የታጠበ ልሰጣቸው ስል፣ “የለበሰውን ነው፤ ያልታጠበውን። አፍንጫዬ ለመከራ ብቻ አይደለም የተፈጠረ” አሉ።

ልጁ አደገ፤ ቆዳውም ጠነከረ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ሪሃው ሊነካውም ላይነካውም ይችል ነበር፤ ሊሞክረው ግን ማንም አልፈለገም። ደግሞ ልጁ ራሱ ሥርዓቱን ለምዶታል። ጎረቤቴ ስትገባ ወደ እሷ አይሮጥም፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆምና ምስማሩን ያሳያታል። ነጩን ቀሚስ ለብሳ እስክትወጣ መጋረጃው ፊት ይጠብቃል። ለእሱ እሷ ሁለት ሰው ነበረች፤ የምትሸተዋና የምታቅፈዋ።

ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ባለሱቁ ሞተ። ወባ ነው፤ በአምስት ቀን። ለለቅሶ ስሄድ ልጁን ይዤው ገባሁ፤ ባልወስደውም ይከተለኝ ነበር። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። እሷ ጥግ ላይ ናት፤ ነጭ ለብሳ፣ እጇ ያለ ሂና፣ ዓይኗ ያለ ኩል። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አይሸትም።

ልጁ ደፍ ላይ ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አደረገ። በሩ ጀርባ ያለውን ምስማር ፈለገ፤ ምስማሩ ግን እኛ ቤት ነው ያለው። ግራ ተጋብቶ አያት፤ ልብስ እስክትቀይር ይጠብቃል።

እሷም ገባት። ሁለት እጇን ዘረጋችለት።

“ና፣ ልጄ” አለችው። “አሁን ሳልቀይርም ይሆናል።”